«መሬት በላሁ» ማለት ወደቅሁ ነው?

ሳባ (ዱባይ)፦ ሰላም ለቤቱ። አብራኝ የምትሠራ ኢራናዊት ደረጃ ላይ አዳልጧት ወደቀችና «ዘሚን ኾርደም» አለች። ቃል በቃል «መሬት በላሁ» ነው አሉኝ። «ተናገረ» ለማለት ደግሞ «ሐርፍ ዘድ»፣ ማለትም «ንግግር መታ» ይላሉ። የአራዳ ቋንቋ ነው ወይስ ሁሉም እንዲህ ያወራል?

ናትናኤል፦ አራዳ አይደለም፣ ሁሉም የሚለው ነው። ፋርስኛ ግስ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ «በላ»ንና «መታ»ን ካገኙት ስም ጋር ይለጥፏቸዋል። ግሶቹ እዚያ ላይ ትርጉም የላቸውም፣ ዝም ብለሽ መሸምደድ ነው።

ጋሽ ቀጸላ፦ ናቲ፣ ግማሹን ብለኸዋል። ነጠላ ግሶቻቸው ከእኛ ጋር ሲተያዩ በጣም ጥቂት ናቸው፣ አብዛኛው ድርጊት በስምና በግስ ጥምረት ነው የሚነገረው። ትርጉም የላቸውም ያልከው ግን አይሆንም። ጥንድ ጥንድ አድርገህ እያቸው። «ኮተክ» ዱላ ነው፤ «ኮተክ ዘድ» ደበደበ፣ «ኮተክ ኾርድ» ተደበደበ። «ዘሚን ዘድ» መሬት ላይ ጣለው፣ «ዘሚን ኾርድ» ወደቀ። ሌላው ግስ «ዳድ»፣ «ሰጠ» ነው፤ «ፈሪብ ዳድ» አታለለ፣ «ፈሪብ ኾርድ» ተታለለ። «ሼከስት ዳድ» አሸነፈ፣ «ሼከስት ኾርድ» ተሸነፈ። እኛ «ተ» ብለን የምንወጣውን እነሱ በ«በላ» ይወጡታል። የሆነውን የሚነግርህ ስሙ ነው፤ ግሱ ደግሞ ሰውየው አድራጊ ይሁን ተቀባይ ይለይልሃል። ለነገሩ እኛም «ዱላ ቀመሰ»፣ «ዱላ አቀመሰው» እንል የለ?

ወይንሸት (ስቶክሆልም)፦ ታዲያ «ጉቦ በላ»ስ? ደግሞ የእኔ ልጅ ሁሉን ነገር በ«አደረገ» ነው የሚጨርሰው። የስዊድን ቃል ያመጣና «እንዲህ አደረግሁ» ይለኛል። ይኼ እንደ ፋርሶቹ መሆኑ ነው ወይስ አማርኛው እየጠፋበት ነው?

ጋሽ ቀጸላ፦ እትዬ ወይንሸት፣ «ጉቦ በላ» ከዚህ አይገባም። በላተኛው ተጠቃሚ ነው፣ ጉቦውም በእርግጥ የተበላው ነገር ነው፤ «ጉቦው ተበላ» ብንል ያስኬዳል። የፋርሱን አገላልጽ ገልብጦ «መሬቱ ተበላ» ማለት ግን አይቻልም። ልጅዎ የሚያደርገውን እኛም እናደርገዋለን፦ «ዴሊት አደረገው»፣ «ዴሊት ሆነ»። ከውጭ የመጣን ቃል እንደ «ሰበረ» ለማርባት ስንቸገር «አደረገ» ይሸከምልናል። አማርኛው ጠፍቶበት እንደሆነ የሚታወቀው «በላሁ» ማለት ትቶ «መብላት አደረግሁ» ሲል ነው።

ወይንሸት፦ ኧረ እሱንም ይላል!

ናትናኤል፦ ጋሼ፣ «ጎሴ ኾርድ»ስ? «ሐዘን በላ» ነው፣ አዘነ። «ቀሰም ኾርድ» ደግሞ «መሐላ በላ»፣ ማለ። የሚምል ሰው ምን ተቀባይ ያደርገዋል? ራሱ አይደል የማለው?

ጋሽ ቀጸላ፦ ሐዘኑ እንኳ በሰውየው ላይ የደረሰ ነገር ነው፣ ይገባል። (እኛጋ «ቁጭት በላኝ» ነው፤ በላተኛው ቁጭቱ፣ ተበዪው ሰውየው። እነሱ ገለበጡት።) መሐላውን ግን በዚህ መንገድ አልፈታውም። ጥንዶቹ ደንብ ያላቸውን ያህል እንደ «ቀሰም ኾርድ» ያሉት በቃል የሚያዙ ናቸው። እዚህ ላይ ሸምድደው ያልከው ልክ ነው።

ሳባ፦ ታዲያ ለምን አዲስ ግስ አያወጡም? እኛ እኮ «ፊርማ» ከጣልያን መጥቶ «ፈረመ፣ ይፈርማል፣ አስፈረመ» አልንበት።

ጋሽ ቀጸላ፦ አውጥተው ያውቃሉ። ከዐረብኛ ወስደው «ፈህሚደን»፣ መረዳት፣ «ረቅሲደን»፣ መጨፈር ብለዋል። ግን እንዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው። ከዐረብኛ የመጣው ብዙው ቃል ስም እንደሆነ ቀርቶ «ከርደን»ን፣ «ማድረግ»ን ይዞ ተቀመጠ። ጭራሽ የቆዩት ነጠላ ግሶችም ቦታ ለቀቁ፦ ማልቀስ ድሮ «ጌሪስተን» ነበር፣ ዛሬ ሰው የሚለው «ጌርየ ከርደን»፣ «ለቅሶ ማድረግ» ነው። ስለዚህ በሩ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም።

በእውነት የተዘጋ ከፈለጋችሁ ሰሜን አውስትራሊያ ውስጥ ጃሚንጁንግ የሚባል ቋንቋ አለ። በሰውና በጊዜ የሚረቡት ግሶች ሠላሳ ያህል ብቻ ናቸው፣ አዲስ አይጨመርባቸውም። የቀረውን ሁሉ የማይረቡ ቃላት አጠገባቸው ቆመው ይናገራሉ። ከነዚያ ግሶች አንዱ «አለ»ም «አደረገ»ም ነው፤ ድምፅ ከሚመስሉ ቃላት ጋር ይሄዳል፣ ልክ እንደ እኛ «ጓ አለ»፣ «ድው አደረገው»። ዝምድና የላቸውም፣ ውቅያኖስ ነው በመካከላቸው።

ናትናኤል፦ እሺ፣ «ዝም አለ» ሁለት ቃል ነው አንድ ግስ? «ዝም እንኳ አላለም» ስንል በመሃል ሌላ ቃል ይገባል፣ አሉታውም ያረፈው «አለ» ላይ ነው። ሁለት ነው እላለሁ።

ጋሽ ቀጸላ፦ ፋርሶቹ ከዚህም አልፈው ስሙን በቅጽል ያጅቡታል፦ «ሐርፌ በዲ ዘድ»፣ «መጥፎ ንግግር መታ»። አንተ «ረጅም ዝም አለ» ብለህ ሞክር።

ናትናኤል፦ «ረጅም ዝምታ» እንጂ «ረጅም ዝም» አይባልም።

ጋሽ ቀጸላ፦ «ዝም» ስም ስላልሆነ ነዋ። ምን እንደሆነ ግን አንተው ንገረን።

ወይንሸት፦ እኔ «ዝም በል!»ን ከልጄ ጋር ስጠቀምበት አንድ ቃል ነው።