የእንግሊዝ ትረስት ሕግ፦ ተጠቃሚዋ ራሷ ያስጀመረችው ጥፋት

እባካችሁ፣ የትረስት ሕግ የምታውቁ እርዱኝ፤ የመለማመጃ ጥያቄ መሃል ላይ ቆሜያለሁ።

ወንድም በአንድ የግል ኩባንያ 400 አንድ ዓይነት አክሲዮኖች አሉት። ለእህቱ «ከዛሬ ጀምሮ 100ውን ለአንቺና ለልጅሽ እኩል በአደራ ይዣለሁ» ብሎ ጻፈላት። የትኞቹ 100 እንደሆኑ አልለየም። በኋላ እህት «ሸጠህ አበድረው» ብላ በጽሑፍ ጠየቀችው። ለማን፣ በምን መያዣ እንደሆነ አልነገረችውም። እሱም ያለ መያዣ ለጓደኛው አበደረ፤ ገንዘቡ ቀለጠ። ልጁ 10 ዓመቱ ነው።

ከሦስቱ እርግጠኝነቶች ሐሳቡና ተጠቃሚዎቹ ግልጽ ናቸው። ጥርጣሬው ንብረቱ ላይ ነው። በለንደን ዋይን ጉዳይ (1986) የወይን ጠርሙሶቹ ተለይተው ስላልተቀመጡ ትረስቱ ወድቋል። በሀንተርና ሞስ ጉዳይ (1994) ግን ከ950 አክሲዮኖች 50ው ሳይለዩም ጸንቷል፤ ስለዚህ ይኼኛውም የሚጸና ይመስለኛል።

የተጣበቅኩት ከዚህ በኋላ ነው። ወንድም በ2000 የትረስቲ ሕግ አንቀጽ 1 የተጣለበትን ተገቢ ጥንቃቄ ማድረግ ነበረበት። እህት ግን ተጠቃሚ እንጂ አስተዳዳሪ አይደለችም፤ ንብረቱን የመጠበቅ ግዴታ የለባትም። ሆኖም የ1925 የትረስቲ ሕግ አንቀጽ 62 ጥፋቱን የጠየቀች ወይም በጽሑፍ የፈቀደች ተጠቃሚ ድርሻዋ ትረስቲውን ለመካስ እንዲያዝ ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን ይሰጣል። ልጁ መፍቀድ ስለማይችል የእሱ ግማሽ መተካት አለበት።

ጥያቄዬ፦ ብድሩን ጠይቃ መያዣውን ለወንድሟ ከተወች፣ አንቀጽ 62 ይነካታል? ጥፋት የሚያደርገውን ነገር ማወቅ ነበረባት ወይስ መጠየቋ ብቻ ይበቃል? በፍርድ ውሳኔ አስደግፋችሁ ብትመልሱልኝ በጣም አመሰግናለሁ።