ለጥምቀት የጋራ ማስታወቂያ፦ ገንዘቡን የትኛው አገር ላይ እናውጣው?

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ለጎንደር ማረፊያ ቤቶች ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ የምናቀርበውን የማስታወቂያ ረቂቅ እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው። ለ2017 ጥምቀት እያንዳንዱ ማረፊያ ቤት ለብቻው ነበር ውጭ ላሉ ወገኖቻችን የፌስቡክ ማስታወቂያ የከፈለው። አሁን በጋራ እናውጣ ብለናል። የተዋጣው 600 ዶላር የሚሆን ነው። የቀረን የትኛው አገር ላይ ምን ያህል እናውጣ የሚለው ነው።

ከላካችሁልኝ ፎቶ የሦስታችሁን ቁጥር ገልብጬዋለሁ። የፒያሳው አሜሪካ ላይ 180 አውጥቶ 150 ሰው ሜሴጅ ላከለት፣ አንዱ ሜሴጅ 1.20 ወደቀበት። የማራኪዋ እንግሊዝ ላይ 120 አውጥታ 100 ሰው፣ የእሷም 1.20 ነው። የአዘዞው ጋሼ ዱባይ ላይ 330 አውጥተው 300 ሰው፣ 1.10። እኔ ሳየው ሦስቱም ያው ናቸው። 200፣ 200፣ 200 ብለን ብንከፋፍለውስ?

የአዘዞው፦
እኔ አልስማማም። የኔ ከሁሉም ርካሽ ነው፣ ሰውም በእጥፍ ነው የመጣልኝ። ለምን ሁሉንም ዱባይና ሳውዲ ላይ አናውለውም? የአሜሪካ ማስታወቂያ ውድ እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል።

የማራኪዋ፦
እህቴ፣ ቆይ። ሦስቱ ቁጥሮች በሦስት የተለያየ ገንዘብ የተጻፉ ናቸው። የፒያሳው የወንድሙን ካርድ ነው የተጠቀመው፣ አካውንቱ በዶላር ነው። የኔ የእህቴ ካርድ ነው፣ ፓውንድ። የጋሼ ደግሞ ድርሃም ነው። አካውንቱ ሲከፈት የተመረጠውን ገንዘብ ይዞ ነው የሚቆጥረው። ስክሪኑ ላይ ምልክቷ ትንሽ ስለሆነች ፎቶ ሲነሳ ተቆርጣ ትቀራለች።

በዶላር እናድርገው። ድርሃም ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ 1 ዶላር 3.67 ድርሃም፣ ለዓመታት ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ የጋሼ 330 ድርሃም 90 ዶላር ነው፣ አንዱ ሜሴጅ 30 ሳንቲም። ጋሼ፣ ርካሽ ነው ያሉት ልክ ነው፣ እንዲያውም ካሰቡት በላይ ርካሽ ነው። ፓውንዱ ግን በያኔው ምንዛሪ 1.25 ዶላር አካባቢ ነበር። የኔ 120 ፓውንድ 150 ዶላር ይሆናል፣ አንዱ ሜሴጅ 1.50።

እዚህም ላይ አላበቃም። `Amount spent` የሚለው ቦታ ላይ 120 ይላል፣ ከእህቴ ካርድ የተቆረጠው ግን 144 ፓውንድ ነው። የእንግሊዝ ቫት 20 በመቶ ነው፣ ማስታወቂያው ገጽ ላይ አይታይም። እህቴ የባንኳን ወረቀት ባትልክልኝ አላውቀውም ነበር። 144ቱ 180 ዶላር ነው። እንግዲህ የኔ አንዱ ሜሴጅ 1.80 ሆነ ማለት ነው፣ የፒያሳው 1.20፣ የጋሼ 0.30። እኩል ናቸው ያልናቸው ስድስት እጥፍ ተራራቁ።

የአዘዞው፦
እና እኔስ ምን አልኩ?

ሒሳብ ያዡ፦
ለምን በዶላር? ማኅበሩ የሚሰበስበው ብር ነው፣ አልጋም የምንሸጠው በብር ነው። ሁሉንም በብር እንመዝግብና ያው እናወዳድር። አባላቱም የሚገባቸው እሱ ነው።

የማራኪዋ፦
ለአባላት ሪፖርት ሲደረግ በብር ይሁን፣ እሱ ላይ አልከራከርም። ለማወዳደር ግን ብሩ ያሳስተናል። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ለ2017 ጥምቀት ከ120 አልፎ ነበር። 1.20 ዶላር የሚያወጣ ሜሴጅ ያኔ 68 ብር ነው፣ በኋላ 150 ብር ገደማ። መዝገቡን በብር ብቻ የሚያይ ሰው «ማስታወቂያው ተበላሸ፣ አሜሪካን እንተወው» ይላል። ማስታወቂያው ግን ምንም አልሆነም፣ የተለወጠው ብሩ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ገንዘቡ ከካርድ የሚቆረጠው በየቀኑ አይደለም። ወጪው የተወሰነ መጠን ሲሞላ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ የምንጠቀመው የምንዛሪ ዋጋ ካርዱ የተቆረጠበት ቀን ይሁን፣ ሪፖርቱን የምንጽፍበት ቀን አይሁን። አለበለዚያ አንዱ በኅዳር ምንዛሪ፣ ሌላው በየካቲት ምንዛሪ ይሰላና እንደገና እንሳሳታለን።

ሒሳብ ያዡ፦
እሺ፣ ሁለት ዓምድ እናድርገው። ማወዳደሪያው በዶላር፣ ከጎኑ ደግሞ በተቆረጠበት ቀን ምንዛሪ ብሩ። የባንክ ወረቀት ያልመጣለትን ወጪ ግን አልመዘግብም።

አስጎብኚው፦
ይቅርታ ዘግይቼ ነው የገባሁት። የዶላር ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ከውጭ እንግዳ የሚላክ ቀብድ በየትኛው ባንክ ነው የሚሻለው? አንዱ ደንበኛዬ ከእስራኤል ልኮልኝ ሳምንት ፈጀብኝ።

ጸሐፊዋ፦
ወንድሜ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቅዳሜ አንሳው። እዚህ የምናወራው ለማስታወቂያ ስለምናወጣው ገንዘብ ነው።

የፒያሳው፦
አንድ ነገር ልጠይቅ። ሜሴጅ የላከ ሁሉ መጣ እንዴ? እኔ ጋ 150 ሰው ጻፈ፣ ግማሹ «ዋጋ ስንት ነው» ብሎ ጠፋ። ቀብድ ከፍለው የመጡት 4 ቤተሰብ ናቸው።

የማራኪዋ፦
ዋናው ነገር እሱ ነው ወንድሜ! እኔ ጋ ከ100ው 5 ቤተሰብ ቀብድ ከፍለዋል። የአንተ 180 ዶላር ለ4 ሲካፈል 45 ዶላር ነው። የኔ 180 ለ5 ሲካፈል 36። በሜሴጅ ስናየው አንተ ርካሽ ነበርክ፣ በቀብድ ስናየው እኔ። ጋሼ፣ የእርስዎስ?

የአዘዞው፦
ቀብድ የከፈለ አንድ ነው። ግን ልጆቹ ይመጣሉ! ሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው፣ ፈቃድ የሚያገኙት ኮንትራታቸው ሲያልቅ ነው። ሦስቱ «ለፋሲካ እንመጣለን» ብለውኛል። ሌሎቹ ደግሞ እናታቸውን ይዘው ለማሳረፍ ነው የጠየቁት። እነዚህን እንዴት ዝም ብለን እንተዋቸዋለን? የኛው ልጆች ናቸው እኮ።

የማራኪዋ፦
አንተዋቸውም ጋሼ። ለአንድ ቀብድ 90 ዶላር ከፈልን ማለት ዱባይ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፣ ለጥምቀት ማስታወቂያ የሚሆነው ሰው እዚያ ጥቂት ነው ማለት ነው። ለፋሲካ ሌላ ማስታወቂያ ብንሠራላቸው ቁጥሩ ሊለወጥ ይችላል።

አሁን ግን የምፈራውን ልናገር። ሦስቱን አገር አንድ ላይ አድርገን አንድ በጀት ከሰጠን፣ ሲስተሙ ራሱ ገንዘቡን ሜሴጅ የረከሰበት አገር ላይ ያፈሰዋል። ሜሴጅ አምጣልኝ ብለነዋል፣ እሱም ርካሹን ሜሴጅ ያመጣል። አልጋ መያዙን አያውቅም። 600ው ሳናስበው ዱባይ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ለየአገሩ ለየብቻው በጀት ይኑረው፣ `Advantage+ campaign budget` የሚለውም ይዘጋ። ሁሉም በአንድ አካውንት፣ በአንድ ገንዘብ፣ በአንድ የሰዓት አቆጣጠር ይሂድ። የአሜሪካ አካውንት ቀኑን የሚዘጋው የኛ ጧት ላይ ስለሆነ፣ የተለያየ አካውንት ከያዝን የማክሰኞ ወጪ የሚባለው እንኳ አንድ ቀን አይሆንም።

የፒያሳው፦
እና እንግሊዝን እናብዛ? ከእኔ 9 ዶላር ይረክሳል።

የማራኪዋ፦
አይሆንም። 4 እና 5 ማለት ልዩነቱ አንድ ቤተሰብ ነው። አንዱ ባይሳካለት ኖሮ የኔም 45 ይሆን ነበር፣ እኩል እንሆን ነበር። በእንዲህ ያለ ቁጥር አገር አይመረጥም። በዱባይና በሁለታችን መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፣ እሱንም ቢሆን በአንድ ጥምቀት ብቻ አልፈርድበትም።

ሒሳብ ያዡ፦
እኔ ደግሞ ሌሊቱን ልቁጠር። የፒያሳው 4 ቤተሰብ በድምሩ 24 ሌሊት አደሩ፣ የማራኪዋ 5 ቤተሰብ 15 ሌሊት። መዝገቡ እኔ ጋ ነው። 180ውን ብታካፍሉት አሜሪካ ለአንድ ሌሊት 7 ዶላር ከ50፣ እንግሊዝ 12 ዶላር ነው። አሁን ደግሞ አሜሪካ በለጠ።

የማራኪዋ፦
ይህን አላሰብኩትም ነበር፣ ጥሩ ነው። ከሩቅ የመጣ ትኬቱ ውድ ስለሆነ ይቆያል፣ ምክንያቱ ያ ይመስለኛል። በሌሊት መቁጠሩ ረቂቁ ላይ ይግባ።

አስጎብኚው፦
እኔ ግን ከየትኛው አገር እንደመጡ እንዴት ታውቃላችሁ? አንድ እንግዳዬ በሳውዲ ቁጥር ነው ዋትሳፕ የሚያደርግልኝ፣ የሚኖረው ግን ካናዳ ነው።

የማራኪዋ፦
አሁን ልክ ጥያቄ አመጣህ። ፌስቡክ አንድ አገር ስትመርጥለት እዚያ የሚኖረውንም፣ ሰሞኑን እዚያ የነበረውንም ይጨምራል። ዱባይ ትራንዚት ያደረገ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቀብድ ሲቀበል ሁሉም ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፦ የት ነው የምትኖሩት? ማስታወቂያችንን መቼ አያችሁት? መልሱ ደብተር ላይ ይጻፍ።

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል መስሎ እንዳይታያችሁ። ፌስቡክ በተለምዶ የሚቆጥረው ማስታወቂያውን ከነካ በኋላ በ7 ቀን ውስጥ የሆነውን ነው። የአሜሪካው ሰው በጥቅምት ያያል፣ ከቤተሰቡ ይመክራል፣ ትኬት ይፈልጋል፣ ቀብድ የሚልከው በኅዳር መጨረሻ ነው። በስልክ ወይም በቴሌግራም ከላከማ ፌስቡክ ጨርሶ አያውቀውም። ቶሎ የሚወስን አገር በስክሪኑ ላይ የተሻለ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው። እኛ ግን እስከ ጥር 11 ድረስ ከደብተሩ እንቁጠር።

ጸሐፊዋ፦
እሺ፣ ረቂቁ ላይ እንዲህ ልጽፈው ነው። አንድ አካውንት በዶላር፣ ከጥቅምት መጀመሪያ። አሜሪካ 200፣ እንግሊዝ 200፣ ዱባይ 100፣ ለየብቻቸው። 100 ዶላር ይቀመጥ፣ በኅዳር መጨረሻ ደብተሩን አይተን እንወስናለን። ወጪው ከባንክ ወረቀት ይወሰድ፣ ታክስ ሳይቀነስ። ማወዳደሪያው ለአንድ ቀብድና ለአንድ ሌሊት ስንት ወጣ የሚለው ይሁን።

የአዘዞው፦
ለዱባይ 100 ትንሽ ነው። ቅዳሜ እቃወማለሁ፣ ከአሁኑ እወቁት።

ጸሐፊዋ፦
ጋሼ፣ መብትዎ ነው። እዚያው ድምፅ እንሰጥበታለን። የካርዱስ ነገር?

የፒያሳው፦
የወንድሜን ካርድ እሰጣለሁ ብዬ ነበር። ግን የማኅበር 600 ዶላር በሰው ካርድ ሲወጣ ከበደኝ። ደግሞ አካውንቱ በእሱ ስም ከሆነ ነገ ቢዘጋበት ደብተር ብቻ ነው የሚቀረን።

የማራኪዋ፦
የእህቴ ካርድ ከሆነ ደግሞ ቫቱ አለ፣ አካውንቱ በዶላር ቢሆንም ከፓውንድ ካርድ ሲቆረጥ ባንኳ የምንዛሪ ክፍያ ሊጨምርበት ይችላል። እኔ የወንድምህ ይሻላል ባይ ነኝ። ግን ከማኅበሩ ቢያንስ ሁለት ሰው አካውንቱ ላይ አስተዳዳሪ ሆኖ ይግባ፣ የባንኩንም ወረቀት በየወሩ ይላክልን።

የፒያሳው፦
ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። እዚያ ጧት ሲሆን።