«ባቡል በይቲ» ላይ «አል» የት ገባ?

አረብኛ የምታውቁ፣ ኢዳፋ ላይ ተቸክያለሁና እርዱኝ። «የቤቱ በር» ለማለት «አልባቡ አልበይቲ» ብዬ ጻፍኩ። ኡስታዙ የመጀመሪያውን «አል» በቀይ ሰረዘው። በተንዊን «ባቡን» ብለውም ሰረዘው። ትክክሉ «ባቡል በይቲ» ነው። ተንዊን ስሙ እዚህ አለቀ ይላል፤ «ባብ» ግን «በይት» ላይ ተደግፎ ገና አላለቀም አለኝ። ይሄ ገባኝ።

የ«አል»ም ነገር ቢሆን በእኛው ተረዳሁት። «የቤቱ በር» ስንል «ኡ» ያለችው ቤት ላይ ናት፣ በሩም ግን የታወቀ ነው።

ያቃተኝ ቅጽሉ ነው። «አዲሱ የቤቱ በር» «ባቡል በይቲል ጀዲዱ» ነው አሉ። «ባብ» ራሱ «አል» ሳይኖረው «ጀዲድ» ከየት አመጣው? መጨረሻውን «ጀዲዲ» ብለውስ፣ አዲሱ ቤቱ ይሆናል ማለት ነው?