ሰው ገጼን አይቶ እንዲያምነኝ ምን ዓይነት ፕሮፋይልና ባነር ላድርግ?

ባለሒሳቧ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለትናንሽ ነጋዴዎች የሒሳብ መዝገብ እይዛለሁ፣ ግብርም አሳውቅላቸዋለሁ። የፌስቡክ ገጽ ከፍቻለሁ። ፕሮፋይሌ እህቴ ሠርግ ላይ የተነሳሁት ነው፣ ጥሩ ወጥቼበታለሁ። ባነሩ ሱፍ የለበሱ ሰዎች ሲጨባበጡ የሚያሳይ ከኢንተርኔት ያወረድኩት ፎቶ ነው። ሰው ኢንቦክስ ይገባና መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የምር ናችሁ ግን?» እያለ ነው። ከዚያ ይጠፋል። ምን ልቀይር? ለፎቶግራፈር የምከፍለው ለጊዜው የለኝም።

የመርካቶ ልጅ፦
ንግድ ፈቃድሽን ፎቶ አንሺና ባነር አድርጊው። አለቀ። እኔ ፈቃድ ካላየሁ ሳንቲም አልሰጥም።

ከሜሪላንድ፦
ነጭ ጀርባ፣ ሁለት በሁለት ኢንች፣ መነጽር የለም፣ ፊት ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራው። የወንድሜን ልጅ ሁለቴ መልሰውብናል፣ በጣም ተጠንቀቂ።

ፎቶ አንሺው፦
ሜሪላንድ፣ እሱ የዲቪ ነው ወንድሜ 😀 እንደዚያ ከተነሳች ሰው የሚፈለግ ተጠርጣሪ ይመስለዋል።

የመርካቶ ልጅ፣ ግማሹን ልክ ነህ። ሰው ማስረጃ ይፈልጋል። ግን ፈቃዱ ስልክ ላይ ባነር ሆኖ ሲታይ አይነበብም። ማኅተም ያለው ወረቀት መሆኑ ብቻ ነው የሚለየው። ጥርት ብሎ ከታየ ደግሞ አንዱ ወስዶ ስሙን ቀይሮ ይነግድበታል። እሱን ሥራ ሊሰጣት ለመጣ ደንበኛ ታሳየው።

አሁን ወደ ፕሮፋይሉ። የሠርግ ፎቶ ከሩቁ ይታወቃል። ሜካፑ አለ፣ የአዳራሹ መብራት አለ፣ ከጎን የተቆረጠ የሰው ትከሻም አይጠፋም። ደረሰኙን ሊያስረክብሽ ያሰበ ነጋዴ ግን ቢሮ ሲመጣ የሚያገኛትን ሴት ነው ማየት የሚፈልገው። ለሥራ የምትለብሺውን ልበሺ።

ስልክሽ ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት ፈልጊና ፊትሽን ወደ እሱ አዙሪ። የጣሪያውን አምፖል አጥፊው፣ አለበለዚያ ፊትሽ ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ራቂ፣ ጥላሽ እንዳይለጠፍበት። ሰልፊ ይቅር። ካሜራ በክንድ ርቀት ላይ ሲሆን አፍንጫን ያተልቃል፣ ጆሮን ይደብቃል። ሌላ ሰው ሁለት ሜትር ገደማ ርቆ በኋላኛው ካሜራ ያንሳሽ፣ በኋላ ትቆርጪዋለሽ። ቆዳ የሚያለሰልሰውን «ቢውቲ» የሚሉትን ነገር አጥፉት።

ብዙ ሰው የሚቸገርበት ደግሞ ይሄ ነው። ነጭ ግድግዳ ፊት ስትቆሚ ስልኩ ቦታው በጣም የበራ ይመስለውና ብርሃኑን ይቀንሳል። ያኔ የኛ ጠይም ፊት ይጨልማል፣ ዓይን ይጠፋል። የሚያነሳሽ ሰው ስክሪኑ ላይ ፊትሽን ይንካ፣ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ትንሽ ወደ ላይ ይሳብ። ግድግዳው ቢነጣም ግድ የለም፣ የምንፈልገው ዓይንሽን ነው።

ሲቆረጥ ከራስሽ በላይ ትንሽ ክፍት ቦታ ተዪ፣ ከታች ደረትሽ ላይ ይብቃ። ክብ ስለሚሆን ማዕዘኖቹ ይሄዳሉ። ከዚያ በገጹ ስም አንድ ኮመንት ጻፊና ከኮመንቱ ጎን ያለችውን ጥፍር የምታክል ክብ እያት። ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያይሽ በዚያች መጠን ነው። ዓይንሽ ካልታየ ፎቶው ይቀየር።

ሳይኮሎጂ ተማሪ፦
ዊሊስና ቶዶሮቭ የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2006 ላይ ያወጡት ጥናት አለ። ሰዎች የማያውቁትን ፊት ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ አይተው «ይታመናል፣ አይታመንም» ብለው ፈረዱ። ፍርዳቸው ጊዜ ወስደው ካዩት ሰዎች ፍርድ ጋር በጣም ተቀራረበ። ስለዚህ ፎቶው ሁሉንም ይወስናል ማለት ነው።

ፎቶ አንሺው፦
ሁሉንም እንኳ አይመስለኝም። ጥናቱ ሰው ቶሎ እንደሚፈርድ ነው የሚያሳየው፣ ልክ እንደሚፈርድ አይደለም። ደሞ እነሱ ፊት ብቻ ነው ያሳዩት። እዚህ ስሙም ባነሩም ስልክ ቁጥሩም አብሮ ይታያል።

ዲዛይነር ነኝ፦
ባነሩን ለኔ ተዉት። የሚጨባበጡት ሰዎች ፎቶ ሺህ ገጽ ላይ አለ። የተጠራጠረ ሰው በጉግል ሌንስ ቢፈልገው የአጭበርባሪ ገጽ ላይ ሊያገኘው ይችላል። ቢሮሽን ወይም የምትሠሪበትን ጠረጴዛ አንሺ፣ ጠባብ ቢሆንም የራስሽ ይሁን።

ፌስቡክ ባነሩን ኮምፒውተር ላይ 851 በ315፣ ስልክ ላይ 640 በ360 ፒክስል አድርጎ ነው የሚያሳየው። ስልኩ ላይ ቁመቱ ስለሚበልጥ ጎንና ጎኑ ይቆረጣል። 851 በ315 አድርገሽ ከሠራሽው ከግራም ከቀኝም 145 ገደማ ይሄዳል፣ መሃል ላይ 560 ያህል ይቀርልሻል። ደንበኞችሽ በስልክ ስለሚገቡ ጽሑፉ በሙሉ እዚያ መሃል ይግባ። ጥርት እንዲል እጥፍ አድርገሽ በ1702 በ630 ሥሪው። ከታች በኩል ፕሮፋይሉ ስለሚደርብበት እዚያ ምንም አትጻፊ።

ጽሑፉ ሁለት መስመር ይብቃው፦ ምን እንደምትሠሪና የት እንዳለሽ። «ጥራት መለያችን» ዓይነቱን ተይው፣ ማንም ይለዋል። ሠፈርና የሕንፃ ስም ግን የሌለው ሰው አይጽፍም፣ ሄዶ ማየት ይቻላላ። ደሞ ፎቶውን ከስልክ ስልክ በቴሌግራም ስትልኪ በፋይል መልክ ላኪው። በፎቶ መልክ ከላክሽው ይጨመቅና ፊደሉ ይደበዝዛል።

የቤት ዕቃ ሠሪ፦
እኔ ሶፋና አልጋ ነው የምሠራው። ፊቴን ማን ይፈልገዋል? ሎጎ አይሻልም?

ዲዛይነር ነኝ፦
ላንተ አዎ፣ ሎጎ ይሂድ፣ ባነሩ ላይ ወርክሾፑን አሳይ። እሷ ግን ብቻዋን ነው የምትሠራው፣ ሰው የሚያስረክበው ለሷ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦
እኔ አልስማማም። ሎጎ ድርጅት ያስመስላል። ድርጅት ይታመናል።

ባለሒሳቧ (ጠያቂ)፦
በጣም ነው የማመሰግነው። መስኮት ጋ ቆሜ ጎረቤቴ አነሳችኝ፣ ልዩነቱ የሚገርም ነው። ለባነሩ ጠረጴዛዬን አነሳሁ፦ ላፕቶፕ፣ ካልኩሌተር፣ የመዝገብ ክላሰሮች፣ የደረሰኝ ጥራዝ። ከላይ ለጥፌዋለሁ፣ እዩልኝ።

የግሮሰሪ ባለቤት፦
እህቴ፣ ፎቶውን አሁኑኑ አጥፊው። አጉልቼ አየሁት። በስተቀኝ ያለው ደረሰኝ ላይ የድርጅት ስምና ቲን ቁጥር ይነበባል። አንዱ ክላሰር ጀርባ ላይም የደንበኛሽ ስም ተጽፏል። እኔ ሒሳቤን ልሰጥሽ አስቤ ብገባና የሌላውን ሰው ወረቀት ባይ፣ ነገ የኔም እዚህ ይለጠፋል ብዬ ነው የምወጣው። ፎቶው እንዴትም ያምር።

ዲዛይነር ነኝ፦
የግሮሰሪው ባለቤት ልክ ናቸው፣ እኔ አላየሁትም ነበር። በማደብዘዣ አትሸፋፍኚው፣ የሚደበቅ ነገር ያለ ይመስላል። ባዶ ክላሰርና ያልተጻፈበት ጥራዝ አድርገሽ እንደገና አንሺው።

ባለሒሳቧ (ጠያቂ)፦
አንስቼዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሁሌም መነጽር አደርጋለሁ። ፎቶው ላይ መስኮቱ መስታወቱ ላይ ነጭ ሆኖ ዓይኔን ሸፈነው። ላውልቀው?

ፎቶ አንሺው፦
አታውልቂው፣ ደንበኛ የሚያገኝሽ በመነጽር ነው። መስኮቱ ፊት ለፊትሽ መሆኑ ቀርቶ ትንሽ ወደ ጎን እንዲሆን ዙሪ። አገጭሽን ዝቅ አድርጊ፣ የመነጽሩንም እጀታ ከጆሮሽ ላይ ትንሽ ከፍ አድርጊው። ጎረቤትሽ ነጩ ከዓይንሽ እስኪወርድ ስክሪኑን እያየች ታዝዝሽ።