ዘጠኝ ዓመት ልዩነት፣ ሁለት ወር ትውውቅ፦ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ጠያቂዋ፦ እኔ 25፣ እሱ 34። እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን ገና ጀመርኩ፣ እሱ የክፍል ኃላፊ ነው። ከተዋወቅን ሁለት ወራችን። ሁሌም ይከፍላል፣ ቦታና ሰዓትም ይመርጣል። ደስ ይለኛል፣ ግን እየከበደኝ ነው። ልዩነቱ በዝቶ ይሆን?

ቁጥር ወዳድ፦ የታወቀ ስሌት አለ እኮ። የትልቁን ዕድሜ ለሁለት አካፍለሽ 7 ትደምሪያለሽ። 17 ሲደመር 7፣ 24። ታናሹ ከዚያ ማነስ የለበትም ነው የሚባለው። አንቺ 25 ነሽ፣ አለፍሽ።

አማካሪዋ፦ ስሌቱ ሰው ምን ይላል ለሚለው ይረዳ ይሆናል። ኑሮውን ግን አይነግራትም። በ45 እና በ54 መካከልም ዘጠኝ ዓመት ነው፣ ያን ያህል ግን አይከብድም፤ ሁለቱም ሥራቸውን ይዘዋል። እኔ ብዙ ጥንዶችን አማክሬያለሁ። እዚህ የሚያሳስበኝ ክፍያው ከምርጫው ጋር መጣበቁ ነው። የከፈለው ሰው ሁሌ የሚመርጥ ከሆነ፣ እሺ ማለት ቀስ በቀስ ውለታ መመለስ ይሆናል።

ተቆርቋሪ ወንድም፦ ቆይ፣ ከፈለ ተብሎ ይወቀሳል? ባይከፍል ደግሞ ቋጣሪ ትሉታላችሁ!

አማካሪዋ፦ ወንድሜ፣ ይክፈል። ግማሽ ግማሽ ይሁንም አልልም። ገቢው አምስት እጥፍ ከሆነ እኩል መክፈል የሚጎዳው እሷን ነው። በወር አራት ቀን ይገናኛሉ እንበል። አንዱን ቀን እሷ ትያዘው። በአቅሟ፣ የእግር ጉዞም ቢሆን። እሱም ሳያሻሽለው ይምጣ። ከዚያ አንድ ቀን «ሐሙስ ፈተና አለብኝ፣ ቅዳሜ ይሁን» ትበለው። ቅር ቢለው ሰው ነው። «ይህን ሁሉ አድርጌልሽ?» ካለ ግን ሂሳብ ይዞባት ነበር ማለት ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ የእኔ ተቃራኒ ነው። የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ባለቤቴ ትምህርቱን ከአስረኛ ክፍል ነው ያቆመው። መጀመሪያ ላይ ሰው ፊት አነጋገሩን አርመው ነበር። ለቀልድ ይመስለኝ ነበር። ጓደኞቼ ባሉበት ዝም ማለት ሲጀምር ነው የገባኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ግን እስኪለቀው ዓመት ፈጀ። እህቴ፣ እሱ ሰው ፊት እንዴት ነው የሚያስተዋውቅሽ?

ጠያቂዋ፦ «ተማሪ ናት፣ ገና ልጅ ናት» ይላል። እየሳቀ።

ተቆርቋሪ ወንድም፦ እሱማ ደስ አይልም። ግን መፈተኑን አልወደድኩትም። «አንዳንዴ እኔም ልምረጥ» ብላ በቀጥታ ብትነግረው አይሻልም?

አማካሪዋ፦ ልክ ነህ፣ ቀድማ ትንገረው። የሐሙሱ የትምህርት ፈተና የእውነት ከሌለ ደግሞ አትፍጠር። ሌላም ትጠይቀው፦ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ምን አስቧል? እሱ ጋብቻና ልጅ ካለ፣ እሷ ደግሞ መመረቂያ ጽሑፏን ካሰበች፣ የሚጋጨው ይኼኛው ነው።

ጠያቂዋ፦ ስለ ልጅ አንዴ አንስቶ ነበር፣ ወሬ ቀየርኩ። ቅዳሜን እኔ እንደምመርጥ ግን አሁን ጻፍኩለት። «የት?» ብቻ ነው ያለው።

ቁጥር ወዳድ፦ ጥሩ ምልክት ነው!

የሁለት ልጆች እናት፦ እስኪ ይምጣ መጀመሪያ።