የስኮላርሺፕ ተቀባይነት ኢሜይል ደርሶኛል፤ ክፍያ ስለሚጠይቅ ምን ልመርምር?

ጥያቄ (ሕይወት፣ ከአዘዞ)

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኅብረተሰብ ጤና ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ትናንት ማታ በአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ስም ሙሉ ስኮላርሺፕ እንዳገኘሁ የሚገልጽ ኢሜይል፣ ማኅተም ካለበት ደብዳቤ ጋር ደረሰኝ። ለሰነድ ማረጋገጫና ለፖስታ 8,500 ብር በ48 ሰዓት ውስጥ በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ እንዳስገባ፣ ይህ ካልሆነ ዕድሉ ለተጠባባቂ እንደሚተላለፍ ይላል። አድራሻው በ gmail.com የሚያልቅ ቢሆንም ስሜን ከነአያቴ፣ የተመረቅሁበትን ነጥብና የፓስፖርት ቁጥሬን አንድም ሳይሳሳቱ ጽፈዋል። አባቴ ገንዘቡን ነገ ጠዋት ለማስገባት ተዘጋጅቷል። ምን ባጣራ እርግጠኛ መሆን እችላለሁ?

ያሬድ (ፒያሳ)

እህቴ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ዩኒቨርሲቲ በ gmail.com አይጽፍም፤ ስለዚህ ውሸት ነው። አድራሻው በራሱ በዩኒቨርሲቲው ስም የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ያለ ሥጋት ትከፍይ ነበር።

አቶ መኮንን

ልጄ፣ ለሰነድ ማረጋገጫ መክፈል ያለ ነገር ነው። የእኔ ልጅ ወደ ውጭ ሲሄድ ዲግሪውን አዲስ አበባ ድረስ ወስዶ አስመስክሯል፤ ለእያንዳንዱ ወረቀት ከፍሏል፤ ደረሰኝም ተቀብሏል። ስለዚህ ክፍያ ስለተጠየቀ ብቻ ዕድሉ እንዳያመልጥሽ።

ወ/ሮ ዓለምነሽ

ጋሽ መኮንን፣ እርስዎ የገለጹት ክፍያ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ልጅዎ ሰነዱን በእጁ ይዞ ለሚመሰክረው መሥሪያ ቤት በመስኮት ከፍሎ ደረሰኝ የተቀበለበት ነው። ሕይወት የተጠየቀችው ደግሞ ዋናው ዲግሪዋ ቤቷ ተቀምጦ ሳለ፣ ማን እንደሚያረጋግጠው ባልታወቀ ሰነድ ስም ወደ አንድ ሰው ሒሳብ ገንዘብ እንድትልክ ነው። በአውሮፓ ያለ ዩኒቨርሲቲ ከጎንደር ተማሪ በብር፣ በግለሰብ ስም በተከፈተ የአገር ውስጥ ሒሳብ ገንዘብ የሚሰበስብበት ምክንያት የለም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከአድራሻው ይልቅ ለእኔ የሚናገረው ይህ ነው።

ክፍያ ሁሉ ማጭበርበር ነው ማለቴ ግን አይደለም። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ በ F-1 ቪዛ የሚሄድ ተማሪም ከመግቢያ ሰነዱ በኋላ SEVIS የሚባለውን 350 ዶላር ለአሜሪካ መንግሥት ይከፍላል። እነዚህ ክፍያዎች ተቀባያቸው በይፋ የታወቀ፣ መጠናቸውም በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ተጽፎ የሚገኝ ነው። በሌላ በኩል የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕም ሆነ የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ለማመልከት ምንም አያስከፍሉም፤ በእነሱ ስም «ማስፈጸሚያ» የሚጠይቅ ካለ ከጅምሩ ሐሰት ነው።

ስለ ቀነ ገደቡም ያሬድ ያላነሣውን ልጨምር። እውነተኛ ዩኒቨርሲቲም ቀን ይቆርጣል፤ የሚቆርጠው ግን ዕድሉን መቀበልሽን በማመልከቻ ገጹ ውስጥ እንድታሳውቂ ነው። የአንቺ 48 ሰዓት የተቆጠረው ለመልስሽ ሳይሆን ለገንዘቡ ነው።

አሁን ሁለት ነገር ንገሪን። ወደዚህ ዩኒቨርሲቲ አመልክተሽ ነበር? ካመለከትሽስ በየት በኩል? በተጨማሪም ኢሜይሉን በስልክ ሳይሆን በኮምፒውተር ክፈቺና በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነሽ Show original የሚለውን ምረጪ፤ ከላይ የሚታየውን ላኪልን፤ የግል አድራሻዎችን ግን ሸፍኚ።

ሕይወት

ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ያገኘሁት ይህን ነው፦

```
From: "International Scholarship Office" <****@gmail.com>
Reply-To: ****@outlook.com
SPF: PASS
DKIM: 'PASS' with domain gmail.com
DMARC: 'PASS'
```

ሦስቱም PASS ስለሚሉ ግራ ተጋባሁ፤ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም? ያመለከትሁት ከሁለት ወር በፊት በአንድ የቴሌግራም ቻናል በተለቀቀ የጎግል ቅጽ ነው። ቅጹ የፓስፖርቴን ፎቶና የትምህርት ማስረጃዬን ጠይቆ ነበር።

ወ/ሮ ዓለምነሽ

እነዚያ ሦስት መስመሮች የሚመሰክሩት መልእክቱ በእርግጥ ከ gmail.com መነሣቱን ብቻ ነው። ላኪው ማን እንደሆነ፣ ደብዳቤው እውነት ይሁን ሐሰት አይናገሩም፤ ማንም ሰው አዲስ ጂሜይል ከፍቶ ቢልክልሽ ሦስቱም PASS ይላሉ። በትዕምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለውን የቢሮ ስም ደግሞ ላኪው ራሱ እንደፈለገ የጻፈው ነው። የሚያጠራጥረው Reply-To የሚለው ሁለተኛው መስመር ነው፤ መልስ ስትሰጪ መልእክትሽ ከመጣበት ሌላ ወደሆነ አድራሻ ይሄዳል። የመጀመሪያው አድራሻ ተከሶ ቢዘጋ እንኳ ከመለሱላቸው ሰዎች ጋር መነጋገራቸው እንዳይቋረጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ።

ያሬድ፣ ያልኸው በግማሽ ልክ ነው። ትንንሽ በጎ አድራጊዎች በጂሜይል ሊጽፉ ይችላሉ፤ የተጠለፈ የእውነተኛ ዩኒቨርሲቲ መምህር ኢሜይል ደግሞ ማጭበርበሪያ ሊላክበት ይችላል፤ ስለዚህ አድራሻው ቢያምርም «ያለ ሥጋት ክፈይ» አልልም። የሚያምሩ አድራሻዎችም ከ @ በኋላ ከቀኝ ወደ ግራ መነበብ አለባቸው። `university.edu.example.com` የሚለው ባለቤቱ example.com እንጂ ዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ ፊት ለፊት ያለውን የ example.com ባለቤት እንደፈለገ ይቀጥለዋል።

ስምሽን፣ ነጥብሽንና የፓስፖርት ቁጥርሽን ከየት እንዳገኙት ራስሽ መለስሽው፤ በቅጹ የሰጠሻቸውን መልሰው አሳዩሽ። ስለዚህ የመጨረሻው ማጣሪያ የሚሆነው በኢሜይሉ ውስጥ ያለውን ማያያዣና ስልክ ሳትነኪ፣ የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ አድራሻ በእጅሽ ጽፈሽ መግባትና የተማሪ ቅበላ ቢሮውን ኢሜይል ከዚያ መውሰድ ነው። በአንድ አንቀጽ ስምሽን፣ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ጠቅሰሽ «ይህን ደብዳቤ እናንተ አውጥታችኋል?» ብለሽ ጠይቂ። የደብዳቤውን የትምህርት መስክና የቆይታ ጊዜም በድረ ገጹ ከተዘረዘሩት ጋር አነጻጽሪ።

ብሩክ (ማራኪ)

እኔ ባለፈው ዓመት በአንድ አማካሪ ነኝ ባይ በኩል ተመሳሳይ ደብዳቤ ደርሶኝ ከፍዬ ነበር። መጀመሪያ የፖስታ ተባለ፤ ሳምንት ሳይሞላ የመድን፣ ቀጥሎም የቪዛ ወረፋ ማስያዣ ተባለ። እያንዳንዱ ክፍያ «የመጨረሻው» ነበር፤ የቀደመውን ላለማጣት ስል ሁለተኛውን ከፈልሁ፤ ሦስተኛው ላይ ቆምሁ። ሁለተኛውን ደብዳቤ አጉልቼ ስመለከተው ማኅተሙ ላይ ያለው ጭረት ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ቦታ ነበር፤ አንድ ሥዕል ደጋግመው ለጥፈውታል ማለት ነው። አሁን ሳስበው ግን ዩኒቨርሲቲዎችም ስካን የተደረገ ማኅተም ስለሚጠቀሙ ያ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሕይወት

ድረ ገጹን አየሁት። ደብዳቤው የአንድ ዓመት የማስተርስ ትምህርት ይላል፤ በገጹ ላይ ይኸው ትምህርት ሁለት ዓመት ነው። ለቅበላ ቢሮው ጽፌያለሁ፤ እስካሁን መልስ አልመጣም። አባቴ ገንዘቡን ይዞታል፤ ሆኖም «እውነት ሆኖ ቢገኝስ?» ማለቱን አልተወም። የፓስፖርቴ ፎቶ በእጃቸው መሆኑ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ይገባኛል?

ያሬድ (ፒያሳ)

እኔ ፓስፖርቱ ይቀየር ባይ ነኝ።

ወ/ሮ ዓለምነሽ

ፓስፖርቱ በእጅሽ እያለ ፎቶው ስለወጣ ብቻ ይቀይሩልሽ እንደሆነ ቢሮው ሄደሽ ብትጠይቂ ይሻላል። ቅጹን፣ ኢሜይሉንና የሒሳብ ቁጥሩን ሳታጠፊ አስቀምጪ፤ ለፖሊስ ብታመለክቺ የምታቀርቢው እሱን ነው። ቅጹ የኢሜይልሽን የይለፍ ቃል ጠይቆ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ቀይሪው።

ሕይወት

የይለፍ ቃል አልጠየቀም። የ48 ሰዓቱ ጊዜ ዛሬ ጠዋት አለፈ። ከሰዓት በኋላ ከዚያው አድራሻ ሌላ ኢሜይል ደረሰኝ፤ «በልዩ ሁኔታ» ሦስት ቀን እንደተጨመረልኝና ክፍያው ወደ 4,000 ብር ዝቅ እንዳለልኝ ይገልጻል። ለአባቴ ሳነብለት ምንም ሳይናገር የተቀመጠውን ብር ወደ ኪሱ መለሰ።