ማታ በዙም ሳወራ ፊቴ በካሬ ካሬ ይሰባበራል፤ ካሜራ ልግዛ?

ሐያት (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ቆጪ ነው የምኖረው። በቅርቡ ማታ 1 ሰዓት ላይ በዙም የሥራ ቃለ መጠይቅ አለኝ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው፣ ካሜራው አብሮት የመጣው። ቀን ደህና ነኝ፤ ማታ ግን ስንቀሳቀስ ፊቴ በካሬ ካሬ እንደሚሰባበር ይነግሩኛል። በእኔ ስክሪን ላይ ካሬ የለም፣ ትንሽ አሸዋማ ብቻ ነው። ኢንተርኔቱን ስለካው ለመላክ 3 ሜጋ ቢት ገደማ ያሳያል። ያለኝ አንድ አምፖል ነው፣ እሱም ከጀርባዬ ጣሪያው ላይ።

ብሩክ፦ ካሜራ አትግዢ፣ ችግሩ ኔትወርክ ነው። ማታ ሁሉም ሰው ስለሚጠቀም ይጨናነቃል። ዙም ላይ HD የሚለውን አጥፊና ይስተካከላል።

ቶሌራ፦ ወንድሜ ብሩክ፣ መጨናነቁ እውነት ነው፤ ግን የራሷ ስክሪን ላይ የሚታየውን አሸዋ ኔትወርክ አያመጣውም። እሱ ቪዲዮው ከመላኩ በፊት ያለ ነው። 3 ሜጋ ቢቱ የማይዋዥቅ ከሆነም ይበቃታል፤ ዙም ለ720p ጥራት የሚጠይቀው 1.2 ሜጋ ቢት ነው።

ሐያት፣ ፊትሽ ላይ ብርሃን ሲያንስ ካሜራው እያንዳንዱን ምስል ለማንሳት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፣ ያልበቃውን ብርሃን ደግሞ አጉልቶ ይሞላል። ጊዜ መውሰዱ በሰከንድ 30 የነበረውን ምስል ወደ 15 ሊያወርደው ይችላል፤ ማጉላቱ አሸዋውን ያመጣል። ዙም ቪዲዮውን ሲያምቅ በብዛት የሚቆጥበው ካለፈው ምስል ያልተለወጠውን ክፍል እንደገና ባለመላክ ነው። አሸዋው ግን በየምስሉ ቦታ ስለሚቀያይር ባዶ ግድግዳሽ እንኳ ሁልጊዜ እንደተለወጠ ይቆጠራል። ለፊትሽ መዋል የነበረበት ቢት እዚያ ያልቃል። ስትንቀሳቀሺ የሚላከው ሲበዛበት ዝርዝሩን ይጥልና ካሬዎቹ ይወጣሉ። አንቺ የምታዪው ሳይታመቅ ያለውን ስለሆነ አይታዩሽም።

ለማረጋገጥ ጓደኛሽ ጋ ደውዪና አንቺን በትልቁ ትክፈትሽ፤ በትንሹ ከከፈተችሽ ዙም አሳንሶ ስለሚልክ ቁጥሩ ያሳስትሻል። ከዚያ Settings፣ Statistics፣ Video ገብተሽ የምትልኪውን አንብቢ። fps ማለት በሰከንድ የሚላከው ምስል ብዛት ነው፣ Packet loss ደግሞ መንገድ ላይ የሚጠፋው ዳታ። fps 15 አካባቢ ሆኖ Packet loss ዜሮ ከሆነ ጥፋቱ የብርሃን ነው። fps 28 ወይም 30 ሆኖ Packet loss ከፍ ካለ ብሩክ ልክ ነው።

መሠረት፦ የእኔም እንዲሁ ነው! በስልኬ ስደውል ግድግዳው ላይ ጥቁር መስመሮች ወደ ታች ይወርዳሉ። ይሄም ከማመቁ ነው?

ቶሌራ፦ የአንቺ ሌላ ነው፣ መሠረት። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ካሜራው ከዚያ ጋር ካልተስማማ መስመር ይታያል። በስልክ ቀላሉ መፍትሔ አምፖሉን መቀየር ነው።

አብዲ፦ ኡቡንቱ ለምትጠቀሙ፣ ሁለቱንም በትእዛዝ ማስተካከል ይቻላል። የመጀመሪያው 50 ኸርዝ ያደርገዋል፣ ሁለተኛው ካሜራው በጨለማ የምስሉን ቁጥር እንዳይቀንስ ይከለክለዋል፦

```
v4l2-ctl -d /dev/video0 -c power_line_frequency=1
v4l2-ctl -d /dev/video0 -c exposure_dynamic_framerate=0
```

ሁለተኛውን የማይቀበል ካሜራ አለ። ብርሃን ሳይጨመር ብቻውን ከተደረገ ደግሞ ምስሉ ይጨልማል ወይም አሸዋው ይብሳል።

ሐያት፦ አየሁት። fps 13፣ Packet loss 0 ነው። ታዲያ ምን ዓይነት መብራት ልግዛ?

ቶሌራ፦ የቀለበት መብራት አያስፈልግሽም። 9 ዋት ነጭ ኤልኢዲ የገባበት የጠረጴዛ መብራት ይበቃል። ከላፕቶፑ ጎን፣ ከዓይንሽ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ከፊትሽ 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ላይ አቁሚው። ርቀቱን በግማሽ ስትቀንሺ ብርሃኑ ወደ አራት እጥፍ ስለሚጠጋ፣ ትልቅ አምፖል ከመግዛት ማቅረቡ ይሻላል። ዓይንሽን ከወጋሽ አምፖሉን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሪና የሚመለሰው ፊትሽ ላይ ይረፍ፤ ያኔ ግን 12 ወይም 15 ዋት ያስፈልጋል። የጣሪያው አምፖል ካሜራው ውስጥ እንዳይገባ ጠረጴዛውን አዙሪው። ካሜራው እሱን ካየ ክፍሉ ብሩህ ነው ብሎ ፊትሽን ያጨልመዋል።

መብራቱን ካስተካከልሽ በኋላ ዙም ውስጥ Adjust for low light የሚለውን አጥፊ። እሱ አሸዋውንም አብሮ ነው የሚያደምቀው።

ብሩክ፦ HD ማጥፋቱ ግን አይጎዳም።

ቶሌራ፦ አይጎዳም፤ ቢቱ ሲያጥር እንዲያውም ይረዳል። እኔ ግን መጀመሪያ ብርሃኑን አስተካክላ ቁጥሩን እንድታይ ነው የምፈልገው።

ሐያት፦ የጎረቤት የጠረጴዛ መብራት ተውሼ ሞከርኩት። fps 29 ሆነ፣ አሸዋውም ጠፋ፣ ጓደኛዬም ካሬው እንደቀነሰ ነገረችኝ። ግን ወደ 2 ሰዓት ሲጠጋ Packet loss አልፎ አልፎ 4 በመቶ ይደርሳል።

ቶሌራ፦ እንግዲህ ይህኛው የብሩክ ነው። በዋይፋይ ከሆንሽ ወደ ራውተሩ ተጠግተሽ ሞክሪ፤ ካልቀነሰ ችግሩ ከቤትሽ ውጭ ነው ማለት ነው። ያኔ HD አጥፊ፣ የስልክሽንም ዳታ በተጠባባቂነት ያዢ። በዚያ ሰዓት የትኛው እንደሚሻል ቆጪ ያላችሁ ንገሯት።